ኔት ሲቆራረጥ ጥፋቱ የማን ነው? ሦስት መስኮት ከፍቶ ፒንግ ማንበብ

ደብረ ማርቆስ ላይ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። እንደ «ኔቱ ይቆራረጣል» ደጋግሞ የሚመጣብኝ አቤቱታ የለም። ባለጉዳዩ ደግሞ ፍርዱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ወይ «መስመሩ ነው» ይላል፣ ወይ «ሰርቨሩ ተጨናንቋል» ይላል። «የራሴ ቤት ዋይፋይ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ የመጣ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔ ግን ብዙ ጊዜ የማገኘው እዚያው ቤት ውስጥ ነው።

ከማርቆስ አዲስ አበባ የላካችሁት ሰው ዘግይቶ ቢመለስ የት እንደዘገየ ለማወቅ መንገድ ላይ መጠየቅ አለባችሁ። መናኸሪያ ላይ መኪና አጥቶ ነው? ደጀን አልፎ አባይ በረሃ ላይ የተበላሸ ከባድ መኪና መንገድ ዘግቶበት ነው? ወይስ አዲስ አበባ ገብቶ የሄደበት መሥሪያ ቤት ወረፋ አቁሞት? የመጨረሻውን ሰዓት ብቻ ይዞ መፍረድ አይቻልም። ፓኬት የሚባል ትንሽ የዳታ ቁራጭ ልኮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ የሚቆጥረው የፒንግ ምርመራም እንዲሁ ነው። ሰርቨሩን ብቻ ፒንግ አድርጎ «190 አሳየኝ» የሚል ሰው ጠቅላላ የመንገዱን ሰዓት ነው የነገረኝ። እኔ የምፈልገው በየኬላው የወሰደበትን ነው።

ከዚህ በታች የምጽፈው ባለፈው ክረምት ጎረቤት ቤት የሠራሁትን ነው። የቤቱ ልጅ ማታ ማታ ከአውሮፓ በቪዲዮ የሚሰጥ ኮርስ ትከታተላለች፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። የአስተማሪው ድምፅ ይቆረጣል፣ ምስሉ ይደርቃል፣ ከዚያ ሦስት ዓረፍተ ነገር በአንዴ ተጣድፎ ይመጣል። እናቷ «አንተ ልጅ፣ እስቲ ናና እየው፤ በየወሩ የምከፍለው ለዚህ ነው?» አሉኝ።

ሦስቱን አድራሻ ማግኘት

የመጀመሪያው አድራሻ የራውተሩ ነው። በዊንዶውስ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት (`cmd`) ክፈቱና ይህን ጻፉ፤ `Default Gateway` ከሚለው አጠገብ ያለው ቁጥር ነው የሚፈለገው።

```
ipconfig
```

ሁለተኛው ከቤታችሁ ውጭ የሚገኘው የመጀመሪያው የአገልግሎት ሰጪው መሣሪያ ነው። እሱን ለማግኘት፦

```
tracert -d -h 4 8.8.8.8
```

አንደኛው መስመር ራውተራችሁ ነው፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ያለውን አድራሻ ያዙ። በቦታው ኮከብ ብቻ ከመጣ መሣሪያው መልስ አይሰጥም ማለት ነውና ሦስተኛውን ውሰዱ።

ሦስተኛው የምትገለገሉበት ሰርቨር ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የድርጅቱን ድረ ገጽ ስም ፒንግ ማድረግ ብዙ ጊዜ ዋጋ የለውም፤ ድረ ገጹ አንድ ቦታ፣ ቪዲዮው ወይም ጌሙ የሚሄድበት ማሽን ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛውን ለማግኘት ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ `resmon` ብላችሁ ክፈቱና `Network` የሚለውን ገጽ ተመልከቱ። `Network Activity` ከሚለው ሥር የፕሮግራማችሁ ስም ያለበትን መስመር ፈልጉ፤ ብዙ ዳታ የሚመላለስበት አድራሻ እሱ ነው።

ያ አድራሻ ለፒንግ ጨርሶ መልስ ካልሰጠ ወዲያው «ሰርቨሩ ሞቷል» አትበሉ። ሆን ብለው ፒንግን የሚዘጉ ብዙ ናቸው። በፓወርሼል (`PowerShell`) እንዲህ ብላችሁ በሩን አንኳኩ፤ `TcpTestSucceeded : True` ካለ ሰርቨሩ አለ፣ ፒንግ ብቻ ነው የማይቀበለው።

```
Test-NetConnection 203.0.113.20 -Port 443
```

እንዲህ ያለው ሰርቨር ሲያጋጥማችሁ `tracert` ላይ ከሰርቨሩ በፊት መጨረሻ የመለሰውን አድራሻ በሦስተኛነት ያዙ። ፍጹም አይደለም፣ ግን ከምንም ይሻላል።

ሦስቱን በአንድ ጊዜ ማስነሳት

ሦስት መስኮት ጎን ለጎን ክፈቱና ሦስቱንም ትእዛዝ ተከታትላችሁ አስነሱ። አድራሻዎቹ ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው፤ በራሳችሁ ተኳቸው።

```
ping -n 300 192.168.1.1
ping -n 300 100.64.0.1
ping -n 300 203.0.113.20
```

300 ያልኩት ፒንግ በሰከንድ አንድ ስለሚልክ አምስት ደቂቃ ገደማ እንዲሆን ነው። ዊንዶውስ ካልተነገረው አራት ብቻ ልኮ ያቆማል፤ ከአራት አንዱ ቢጠፋ «25 በመቶ ጠፋ» ይላል። በዚህ ቁጥር ተናዶ የደወለልኝ ሰው አለ። አራት ፓኬት ምስክር አይሆንም።

ሦስቱ በአንድ ጊዜ መሄዳቸው ዋናው ነገር ነው። ራውተሩን ጠዋት፣ ሰርቨሩን ማታ የለካ ሰው ሁለት የተለያዩ ቀናትን እያወዳደረ ነው። መለካት ያለበትም ችግሩ በሚታይበት ሰዓት ነው፤ እኔም ጎረቤት ቤት የሄድኩት ትምህርቱ ተጀምሮ ድምፁ መቆረጥ ሲጀምር ነበር።

በስልክ አትለኩ። ስልክ ባትሪ ለመቆጠብ ዋይፋዩን በየመሀሉ ስለሚያስተኛው ጤነኛ ቤት ውስጥ እንኳ ቁጥሩ ይዘላል። ላፕቶፕም ከሆነ ቻርጀሩ ላይ ይሰካ።

ቁጥሮቹ የሚሉት

ፒንግ ማለት አንድ ትንሽ ፓኬት ሄዶ እስኪመለስ የወሰደበት ጊዜ በሚሊሰከንድ ነው። ከፍ ያለ ፒንግ በራሱ ብልሽት አይደለም። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ ደርሶ መልሱ ለየ100 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና መንገዱ ራሱ 3 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ምዕራብ አውሮፓ ግን 5000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በቀጥታ መስመር እንኳ 50 ይፈጃል። ኬብሉ ደግሞ ጅቡቲን ወይም ሌላ ጎረቤት አገር አቋርጦ በባሕር ዞሮ ስለሚሄድ ከ100 በላይ ማየት የተለመደ ነው። 140 እያለ ከ140 ንቅንቅ የማይል ፒንግ ርቀት ነው፤ ራውተር ቀይራችሁ አታወርዱትም።

ድምፅ የሚያበላሸው መዋዠቁ ነው፤ ጂተር የሚባለው ይህ ነው። የዊንዶውስ ፒንግ ጂተርን አያወጣም፤ በእጅ ማስላት ግን ቀላል ነው። ተከታታይ መልሶች 142፣ 145፣ 143፣ 210፣ 144 ቢሆኑ በየሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያዙ፦ 3፣ 2፣ 67፣ 66። ድምሩ 138፣ ለአራት ሲካፈል 34.5 ነው። አማካዩ ፒንግ 157 ገደማ መሆኑን ልብ በሉ፤ ሁልጊዜ 157 የሚል መስመር ያው አማካይ ኖሮት ጂተሩ ዜሮ ነው፣ ድምፁም ጥርት ብሎ ይሰማል። እኔ ለድምፅ ጂተሩ 30 ገደማ ካለፈ መጠርጠር እጀምራለሁ። ማስላት ከሰለቻችሁ መጨረሻ ላይ የሚወጡትን `Minimum` እና `Average` አስተያዩ፤ አማካዩ ከዝቅተኛው ብዙ ከራቀ መስመሩ እየዘለለ ነው። በሊኑክስ `mdev` የሚለው ቁጥር ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር ይነግራችኋል።

የጠፋ ፓኬት `Request timed out.` ተብሎ ይወጣል። መቶኛውን ብቻ አትመኑ፣ `Lost` የሚለውን ቁጥር ራሱን አንብቡ። ዊንዶውስ ከነጥብ በኋላ ያለውን ስለሚጥል ከ300 ሁለት ቢጠፋ `Lost = 2 (0% loss)` ይላችኋል። ከዚህ የባሰ ወጥመድም አለ። ከራሳችሁ ኮምፒውተር አድራሻ `Destination host unreachable.` የሚል መልስ ቢመጣ ዊንዶውስ «መልስ ደርሷል» ብሎ ከተቀበሉት ጋር ይቆጥረዋል። ራውተሩ ጨርሶ ሳይመልስ ጥፋቱ ዜሮ በመቶ ተብሎ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ድምሩን ከማንበባችሁ በፊት ወደ ላይ መለስ ብላችሁ መስመሮቹን በዓይናችሁ ቃኙ።

የመጀመሪያው ማታ

ልጅቷ የምትማረው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ራውተሩ ዋናው ቤት ሳሎን፣ ከቡፌው ጀርባ፣ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ከሰርቪሱ በዋይፋይ የለካሁት እንዲህ ወጣ።

ራውተሩ፦ ከ300 የጠፋ 11፤ ዝቅተኛ 2፣ ከፍተኛ 847፣ አማካይ 41።
የአገልግሎት ሰጪው፦ የጠፋ 12፤ ዝቅተኛ 11፣ አማካይ 52።
ሰርቨሩ፦ የጠፋ 13፤ ዝቅተኛ 141፣ አማካይ 187።

ሁልጊዜ ከራውተሩ ጀምሩ። ከላፕቶፕ እስከ ራውተር ያለው መንገድ ግቢ ውስጥ ያለ ነው፤ በኬብል ከ1 ሚሊሰከንድ በታች፣ በደህና ዋይፋይ ከ1 እስከ 5 መሆን አለበት። እዚህ አማካዩ 41 ነው፣ 11 ፓኬትም ጠፍቷል። መናኸሪያ ሳይደርስ የዘገየ መንገደኛ ማለት ነው።

አሁን የመጀመሪያውን ከሌሎቹ ቀንሱ። 52 ሲቀነስ 41፣ 11 ይቀራል፤ 187 ሲቀነስ 41፣ 146 ይቀራል። እነዚህ የቀሩት ቁጥሮች ከየራሳቸው ዝቅተኛ፣ ከ11 እና ከ141፣ ጋር ተቀራራቢ ናቸው። የጠፉትም 11፣ 12፣ 13 ናቸው፤ ከግቢው ወጥቶ የጠፋ ከቁጥር የሚገባ ነገር የለም። መዋዠቁም መጥፋቱም የተጀመረው ላፕቶፑና ራውተሩ መካከል ሆኖ ወደ ቀጣዮቹ የተላለፈ ነው። ሰርቨሩን ብቻ ለክቼ ቢሆን «187፣ 4 በመቶ ጠፋ» ብዬ አውሮፓን እወቅስ ነበር።

ዋይፋይ ሲደክም መጀመሪያ የሚታየው ጂተር ነው፤ መጥፋቱ ኋላ ነው የሚመጣው። ምክንያቱም ያልደረሰውን ፓኬት ሬዲዮው ራሱ ደጋግሞ ይልከዋል። በሦስተኛው ሙከራ የደረሰ ፓኬት እንደጠፋ አይቆጠርም፣ ግን ዘግይቷል። መዝለል ብቻ አይቶ «ምንም አልጠፋም፣ ዋይፋዩ ደህና ነው» የሚል ሰው በዚህ ይታለላል።

ለማረጋገጥ ላፕቶፑን ሳሎን ወስጄ በኬብል ራውተሩ ላይ ሰካሁት። ራውተሩ ከ1 በታች፣ የአገልግሎት ሰጪው አማካይ 10፣ ሰርቨሩ 143፣ የጠፋ የለም። ምርመራው ይኸው ነው፤ ያለ ኬብል «ዋይፋይ ነው» የሚል ፍርድ ግምት ብቻ ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነበር። የጭቃ ግድግዳ ዋይፋይን ያደክማል እንጂ አይዘጋም፤ ቆርቆሮ ግን ይመልሰዋል። የሰርቪሱ ጣሪያ ብቻ ሳይሆን ወደ ግቢው ያለው ግድግዳም ቆርቆሮ ነው። ራውተሩን ከቡፌው ጀርባ አውጥተን መስኮት ላይ ስናደርገው አማካዩ ወደ 15 ወረደ፣ መጥፋቱ ግን አልቆመም። በመጨረሻ 20 ሜትር ኬብል በጣሪያው ጠርዝ ሥር ስበን ሰርቪሱ አስገባን። የክረምት መብረቅ ጎጃም ላይ ቀልድ ስላልሆነ ሰማዩ ሲያጉረመርም ኬብሉን ከሁለቱም ጫፍ እንድትነቅል ነግሬያታለሁ።

ሁለተኛው ማታ፣ አሳሳቹ

በአራተኛው ቀን ተደወለልኝ። «ያው ነው፣ ዛሬ እንዲያውም ብሷል» አለች። ሦስቱን መስኮት እንድትከፍት በስልክ ነገርኳትና ቁጥሩን አነበበችልኝ።

ራውተሩ፦ የጠፋ 0፤ ሁሉም ከ1 ሚሊሰከንድ በታች።
የአገልግሎት ሰጪው፦ የጠፋ 6፤ ዝቅተኛ 10፣ ከፍተኛ 930፣ አማካይ 380።
ሰርቨሩ፦ የጠፋ 7፤ ዝቅተኛ 141፣ አማካይ 520።

ግቢው ንጹሕ ነው፤ ችግሩ የጀመረው ከራውተሩ ወዲያ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አቁሞ አገልግሎት ሰጪው ላይ ይፈርዳል፣ ስልክ አንስቶም ይጣላል። እኔም ልፈርድ ነበር፤ ግን ከመፍረዴ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቅኳት፦ «ቤት ውስጥ ማን አለ?»

ወንድሟ ከቡሬ መጥቷል። የሁለት ወር ፎቶና ቪዲዮ የሞላ ስልኩን የቤቱ ዋይፋይ ላይ አገናኝቶ ሶፋ ላይ ጥሎታል። ስልኩ ነፃ ዋይፋይ ሲያገኝ ፎቶዎቹን በራሱ ወደ መጠባበቂያ ማከማቻ መላክ ይጀምራል።

በሁለተኛው መስኮት ላይ የሚታየው መንገድ መሀሉ ላይ አንድ ጠባብ በር አለው፤ እሱም ከቤት ወደ ውጭ የሚላከው ዳታ የሚያልፍበት ነው። በብዙ የቤት አገልግሎት የመላኪያው ፍጥነት ከመቀበያው ያነሰ ነው። ስልኩ ያለ ዕረፍት ሲልክ ራውተሩ የተረፈውን ሰልፍ ያስይዛል፤ የልጅቷ ትንሽ የድምፅ ፓኬት ከዚያ ሰልፍ ጅራት ላይ ትቆማለች፤ ፒንጓም እንዲሁ። ሰልፉ ሲሞላ ትርፉ ይጣላል። ራውተሩን ራሱን ፒንግ ስታደርጉ ግን ያንን ሰልፍ አትነኩትም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው መስኮት ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ጥፋቱ የቤት ሆኖ ሳለ ቁጥሩ የውጭ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

መለያው ቀላል ነው። ከምትለኩበት ኮምፒውተር በቀር ሁሉንም ከራውተሩ አላቅቁ። በኬብል ከሆናችሁ የራውተሩን ዋይፋይ ማጥፋት ይበቃል፤ ስልኮችን አንድ በአንድ ከመለመን ይሻላል። ኮምፒውተሩ ራሱም ፋይል እየላከ ወይም ዝማኔ እያወረደ አለመሆኑን እዩ። ሁለተኛው መስኮት እንደተከፈተ ተዉትና ቁጥሩን ተመልከቱ። ልጅቷ ዋይፋዩን ስታጠፋው 412፣ 388፣ 401 ሲል የነበረው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ 12፣ 10፣ 11 ሆነ። ሲመለስ ቁጥሩም ተመለሰ። እንዲህ እንደ መብራት ማብሪያ የሚታዘዝ ከሆነ ጥፋቱ የቤት ነው።

መድኃኒቱ የስልኩን መጠባበቂያ ማጥፋት ወይም ሌሊት እንዲሠራ ማድረግ ነው። ራውተራችሁ `QoS` የሚል ገጽ ካለው የመላኪያውን ጣሪያ ከትክክለኛው ፍጥነት ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ወስኑ፤ ሰልፉ እንዳይረዝም ያደርጋል። ወንድሟ ግን «ፎቶዬ ይጥፋ ነው?» ብሎ ተቆጣ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ እንዲልክ ተስማሙ።

ሁሉም ተላቅቆ ሁለተኛው መስኮት እንደዘለለ ቢቀርስ? ያኔ በእርግጥ መስመሩ ነው። ከመደወላችሁ በፊት ጠባዩን ለዩት። ማታ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ብቻ ከባሰና ጠዋት ከጠፋ የአካባቢው መጨናነቅ ነው። በመዳብ ስልክ መስመር የምትጠቀሙ ሆናችሁ ከዝናብ በኋላ ከባሰ ውሃ የገባበት መገጣጠሚያ ጠርጥሩ። ሲምካርድ በሚወስድ ራውተር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው መስኮት 30 እና 60 መካከል መዋዠቁ ጠባዩ ነው፤ በፋይበር መለኪያ አትመዝኑት። ሦስቱም መስኮት በአንድ ጊዜ ደርቀው ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ አብረው ከተመለሱ ግን ኤሌክትሪኩን እዩት፤ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ራውተሩ ጠፍቶ እየተነሳ ይሆናል።

ሦስተኛው ማታ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጅቷ ራሷ ለክታ ውጤቱን ላከችልኝ። ራውተሩ ንጹሕ፣ የአገልግሎት ሰጪው አማካይ 11 የጠፋ 0፣ ሰርቨሩ ግን ከ300 የጠፋ 27፣ አማካይ 205። እዚህ አራተኛ መስኮት ያስፈልጋል፤ ከአገር ውጭ የሚወጣው መንገድ በጠቅላላ ታሞ እንዳይሆን ሌላ ሩቅ አድራሻ አብሮ ይለካ። እሷ `1.1.1.1` ን ጨምራ ነበር፣ አንድም አልጠፋም። የዚህ አድራሻ ባለቤቶች ያንኑ ቁጥር በዓለም ዙሪያ ብዙ ቦታ ስለሰጡት የሚመልስላችሁ ቅርብ ያለው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአውሮፓ ሰርቨርን ለማወዳደር አውሮፓ ያለ ሌላ ማሽን ቢገኝ ይመረጣል። እሷ የዚያው አገር አንድ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽን ጨመረችበት፤ እሱም ንጹሕ ሆነ።

የቀረው የሌላ ሰው ምስክርነት ነው። ፍኖተ ሰላም ያለች የክፍል ጓደኛዋ በስልክ ዳታ ላፕቶፗን አገናኝታ ያንኑ ሰርቨር ለካች፤ ከ300 24 ጠፋባት። ቤቱ ሌላ፣ መስመሩ ሌላ፣ ከተማው ሌላ፣ ውጤቱ ግን አንድ ዓይነት። ይህ ሰርቨሩ ወይም እሱ ያለበት ኔትወርክ መግቢያ ነው። ሁለቱን ከማርቆስ ሆኖ መለየት አይቻልም፤ ለይቶ ማወቁም የኛ ሥራ አይደለም።

`tracert` ስታዩ አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። መሀል ላይ ያለ አንድ መሣሪያ ኮከብ ቢያሳይ ወይም 300 ቢል፣ ከሱ ወዲያ ያሉት ግን ንጹሕ ከሆኑ፣ ያ መሣሪያ ጥፋተኛ አይደለም። ሥራው የሰውን ፓኬት ማሳለፍ ነው፤ ለፒንግ መመለስን ሲሰለቸው ይተወዋል። ጥፋት የሚባለው ከአንድ ቦታ ጀምሮ እስከ መጨረሻው የሚቀጥለው ብቻ ነው። ርካሽ ራውተርም ሥራ ሲበዛበት ራሱ ለፒንግ ዘግይቶ ይመልሳል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው መስኮት ደህና ከሆኑ እለፉት።

የተገላቢጦሹም አለ። አራቱም መስኮት ንጹሕ ሆኖ ፕሮግራሙ ብቻ ሲንቀራፈፍ ሰርቨሩን ነፃ አታውጡት። ለፒንግ የሚመልሰው የማሽኑ ሥርዓት ነው፤ ትምህርቱን የሚያስተላልፈው ፕሮግራም በሥራ ብዛት ተዝለፍልፎ ሳለ ፒንጉ ፈጥኖ ሊመለስ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ሌሎች ተማሪዎችን በዚያው ደቂቃ መጠየቅ ከማንኛውም ትእዛዝ ይበልጣል።

ልጅቷ ለኮርሱ አስተባባሪዎች የጻፈችው አጭር ነበር፦ ቀኑና ሰዓቱ በነሱ አቆጣጠር፣ የሰርቨሩ አድራሻ፣ የፒንግ ድምሮቹ እንዳሉ ተቀድተው፣ የፍኖተ ሰላሟም አብሮ። ሰዓቱን ስትቀይር ከምሽቱ 2 ሰዓት የምንለው በነሱ አጻጻፍ 20:00 መሆኑን፣ የአገሮቹንም የሰዓት ልዩነት አስባ ነው። «ኔቱ ይቆራረጣል» የሚል ቃል አልጻፈችም። በሚቀጥለው ቀን ወደ ሌላ ሰርቨር እንዳዛወሯቸው ነገረችኝ፤ እናቷ ደግሞ «እና ያ ሁሉ ኬብል በከንቱ ነው የተዘረጋው?» ብለው ጠየቁኝ። በከንቱ አለመሆኑን ለማሳየት ኬብሉን ነቅዬ በዋይፋይ ለካሁላቸው። 38፣ 6፣ 291፣ `Request timed out.`፣ 12።